78 አምጥቶ የተበላሸው፣ 59 አምጥታ የተመለሰችው፦ የአንድ ብድር ኮሚቴ የነጥብ ቅጽ

መነሻ

አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የቁጠባና ብድር ህብረት ሥራ ማህበር የብድር ንዑስ ኮሚቴ ውስጥ አገለግላለሁ። ሙያዬ ሂሳብ ነው። ኮሚቴው ላይ የተመረጥኩትም «ኤክሴል ይችላል» ተብሎ ነው። የማህበሩንም ሆነ የአባላቱን ስም አልጽፍም፤ ጉዳዩ ግን ነጥብ ሰጥቶ ለሚያጸድቅና ለሚጥል ሰው ሁሉ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

ነገሩ የጀመረው በሁለት ፋይሎች ነው። አንደኛው በእኛ ቅጽ ከ100 78 አምጥቶ ብድር የተፈቀደለት አባል ነው። በአራተኛው ወር መክፈል አቆመ። ሁለተኛዋ 59 አምጥታ ውድቅ የተደረገች አባል ናት። ማለፊያው 60 ነበር። እሷ ብድሩን ከሌላ ቦታ አግኝታ ያለ አንድ ቀን መዘግየት ስትከፍል ዋሷ ነግሮን ሰማን። ዋሷም የኛው አባል ነው፤ የነገረንም እየሳቀ አልነበረም።

አንድ ሰው ሲበላሽ ዕድል ነው ይባላል። አንድ ጥሩ ሰው ሲመለስም እንዲሁ። ሁለቱ በአንድ ሳምንት ሲመጡ ግን ቅጹን አውጥተን ማየት ግድ ሆነብን።

ማህበሩና የድሮው ቅጽ

አባሎቻችን ደመወዝተኞችም ነጋዴዎችም ናቸው። ብድር የሚፈቀደው በቁጠባ መጠን ላይ ተመሥርቶ ነው፤ አንድ አባል የቆጠበውን እስከ አራት እጥፍ መበደር ይችላል። ድሮ ውሳኔው በወሬ ነበር፤ «እሱን አውቀዋለሁ፣ ጨዋ ሰው ነው» ይባላል፣ ይፈረማል። አባላት «የሚያውቁት ሰው ያለው ብቻ ነው የሚበደረው» ብለው በጠቅላላ ጉባኤ ሲጮሁ ነጥብ የሚሰጥ ቅጽ ተሠራ።

ቅጹ አምስት መስፈርት ነበረው። ቁጠባ 30፣ የመክፈል አቅም 25፣ ያለፈ የብድር ታሪክ 20፣ ዋስ 15፣ የብድሩ ዓላማ 10። ድምሩ 100። ሦስት የኮሚቴ አባላት ለእያንዳንዱ መስፈርት ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣሉ። ነጥቡ በክብደቱ ይባዛል፣ ለ5 ይካፈላል፣ ይደመራል። የሦስቱ ድምር አማካይ 60 ከሞላ ጸድቋል፣ ካልሞላ ውድቅ። ኤክሴሉ ላይ እንዲህ ተጽፎ ነበር፦

```
=SUMPRODUCT(B2:B6,C2:C6)/5
=IF(E8>=60,"ጸድቋል","ውድቅ")
```

ጥሩ ይመስላል። እኔም ስቀበለው ምንም ነገር አልታየኝም።

ሁለቱ ፋይሎች በቅርብ ሲታዩ

የመጀመሪያው አባል የረጅም ጊዜ ቆጣቢ ነው። ለቁጠባ 5፣ ላለፈ ብድር 5፣ ለዋስ 5፣ ለዓላማ 4 አግኝቷል። የመክፈል አቅም ላይ 1። ድምሩን አብረን እንሥራው፤ 30፣ 20፣ 15፣ 8፣ እና ከአቅሙ 5። 78 መጣ።

ያቺ 1 ምን ማለት ነበረች? እጁ ላይ የሚደርሰው ደመወዝ 16,000 ብር ነው። ከሌላ ቦታ ለወሰደው ብድር በየወሩ 5,200 ይከፍላል። የኛ ብድር 150,000 ሲሆን በ24 ወር የሚከፈል ነው፤ ከወለዱ ጋር በወር 7,130 ብር ያህል። ሁለቱ ሲደመሩ 12,330 ይሆናሉ። ለቤት ኪራይ፣ ለምግብና ለልጆች የሚተርፈው 3,670 ብር ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው አይከፍልም። ሊከፍል ስላልፈለገ አይደለም፤ መክፈል ስለማይችል ነው። ቅጹ ይህንን አይቶ 1 ሰጥቷል፤ ማለትም አውቋል። ግን የቁጠባው 5 እና የዋሱ 5 መጥተው ያንን 1 ሸፈኑት። ድምር ሁሌም እንዲህ ነው፤ የጎደለውን በተረፈው ይሞላል። ጥሩ ዋስ የመክፈል አቅምን መተካት ይችላል ወይ ብለን ራሳችንን ጠይቀን አናውቅም ነበር። ቅጹ ግን በየቀኑ «አዎ» እያለ ይመልስልን ነበር።

ሁለተኛዋ ልብስ ሰፊ ናት። ማህበሩ ውስጥ ገና 14 ወሯ ነበር። ቁጠባ 2፣ አቅም 5፣ ዋስ 4፣ ዓላማ 5። ያለፈ ብድር የሚለው ቦታ ባዶ ነበር፤ ተበድራ ስለማታውቅ። ድምሩ 12፣ 25፣ 12፣ 10፤ በጠቅላላው 59።

ባዶውን ልብ በሉት። ኤክሴል ባዶ ሴልን በክብደት ሲያባዛ ዜሮ ያደርገዋል። ቅጹ ላይ ዝቅተኛው ነጥብ 1 ነው። በሌላ አባባል ተበድሮ የካደ ሰው 1 ያገኛል፣ ተበድራ የማታውቅ ሴት ዜሮ። ማንም ይህንን አልወሰነም፤ ቀመሩ ወሰነው። የታሪክ መስፈርቱን አውጥተን በቀሩት 80 ነጥቦች ብቻ ብናሰላት 59 ከ80 ነው፤ ወደ መቶ ሲመጣ 74 ገደማ።

ቅጹን ስንፈታው የወጡ ነገሮች

ያለፉትን 40 ቅጾች አውጥቼ በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ገለበጥኳቸው። ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። በጣም የገረመኝ የዋስ ዓምድ ነው። በ40ዎቹም ላይ 4 ወይም 5 ብቻ ነው ያለው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ዋስ ያላገኘ ሰው ማመልከቻ ራሱ አያስገባም፤ ያስገባም ሰው ዋሱን መርጦ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ወረቀት ላይ 15 ክብደት ያለው መስፈርት በሁለት ሰዎች መካከል ሊፈጥር የሚችለው ትልቁ ልዩነት 3 ነጥብ ነበር። ቁጠባ በአንጻሩ ከ1 እስከ 5 ተበትኗል፤ 24 ነጥብ ድረስ ይለያያል። ወረቀቱ የቁጠባን ክብደት የዋስን እጥፍ ነው ይላል። በተግባር ስምንት እጥፍ ነው።

የመስፈርት ክብደት የሚታወቀው የተጻፈውን ቁጥር በማየት ብቻ አይደለም። ሰዎቹ በዚያ መስፈርት ላይ ምን ያህል ይለያያሉ የሚለውም እኩል ይወስናል። ሁሉም ሰው ተመሳሳይ ነጥብ የሚያገኝበት መስፈርት 50 ክብደት ቢሰጠውም ማንንም ከማንም አይለይም። ለሁሉም እኩል ምርቃት እንደመስጠት ነው።

ቁጠባ ደግሞ ሁለት ጊዜ እየተቆጠረ ነበር። የብድሩ ጣሪያ የሚወሰነው በቁጠባው ነው። እዚያው ሰውየው ብዙ ስለቆጠበ እንደገና 30 ነጥብ ያገኛል። ብዙ የቆጠበው ደግሞ ብዙ ጊዜ የቆየው ነው። አንድ ነገር በሦስት ስም እየተመሰገነ ነበር። የኛ ቅጽ አምስት መስፈርት አለው ብንልም፣ እውነቱን ለመናገር «ነባር ነህ ወይ?» የሚል አንድ ጥያቄ ነበር የሚጠይቀው።

ሌላው የ1 እስከ 5 ነገር ነው። በሁሉም ነገር መጨረሻ የሆነ ሰው፣ በአምስቱም 1 ያገኘ፣ ድምሩ 20 ነው። ከዜሮ አይነሳም። በሁሉም 3 ያገኘ ደግሞ በትክክል 60። ስለዚህ «60 በመቶ» የምንለው ማለፊያ ከ20 እስከ 100 ባለው መንገድ ላይ ግማሽ ነው። የኮሚቴው ታላቅ የሆኑት ጋሼ ይህን ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው «እና እስከዛሬ መካከለኛ የሆነን ሰው ሁሉ ስናሳልፍ ነበር በለኛ!» አሉ። አዎ፣ እንደዚያ ነበር።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፤ ትንሽ ትሁን እንጂ ጠብ አስነስታለች። አንድ አባል ወረቀቱን ይዞ መጣ። ወረቀቱ ላይ «60 — ውድቅ» ይላል። «ማለፊያው 60 አይደለም እንዴ? ታዲያ ምን አድርጌያችሁ ነው?» አለ። ሦስቱ ኮሚቴዎች 59፣ 60 እና 60 ሰጥተውት ነበር። አማካዩ 59.67 ነው። ሴሉ ያለ አሥርዮሽ እንዲያሳይ ስለተደረገ 60 ያሳያል፤ ቀመሩ ግን ያልተጠጋጋውን ያያል። ሰውየው ከሌባ አልለየንም፤ እኔም በሱ ቦታ ብሆን አልለይም ነበር።

የወሰድነው እርምጃ

መጀመሪያ ያደረግነው ድምሩ ሊሸፍናቸው የማይገቡ ነገሮችን ከድምሩ ማውጣት ነው። በር አልናቸው። ሦስት ጥያቄዎች አሉ፤ መልሳቸው አዎ ወይም አይ ነው፤ ነጥብ የላቸውም። የአመልካቹ የወር ክፍያዎች ሁሉ ከአዲሱ ብድር ጋር ተደምረው ከተጣራ ገቢው ግማሽ አይበልጡም ወይ? በብድርም ሆነ በዋስትና ከሦስት ወር በላይ ያደረ ውዝፍ የለበትም ወይ? ቁጠባው የሚጠይቀውን ብድር ሩብ ይሞላል ወይ? አንዱ «አይ» ከሆነ ነጥብ መቁጠር አይጀመርም። ጥሩ ዋስ አመጣሁ ብሎ መከራከርም የለም።

የወር ክፍያ ስንቆጥር ዕቁብ አስቸገረን። ዕቁብ ቁጠባ ነው ወይስ ዕዳ? ብዙ ተከራከርን። መልሱን የሰጠን መርካቶ የሚነግድ የኮሚቴ አባል ነው። «ደርሶታል ወይስ አልደረሰውም ብላችሁ ጠይቁ» አለ። ዕቁቡ ገና ያልደረሰው ሰው የሚጥለው ገንዘብ የራሱ ነው፤ ተራው ሲደርስ ይበላዋል። ደርሶት የበላ ሰው ግን የቀረው ጥሎሽ በሙሉ ዕዳ ነው፤ ባንክ ካለው ብድር በምንም አይለይም። ስለዚህ የደረሰው ሰው የዕቁብ ክፍያ ከወር ክፍያዎቹ ጋር ይደመራል። የደመወዝ ወረቀት ላይ ይህ በጭራሽ አይታይም።

ሁለተኛ፣ ክብደቶቹን ቀየርን። የመክፈል አቅም 35፣ ያለፈ ብድር 25፣ ቁጠባ 20፣ ዋስ 10፣ ዓላማ 10። ቁጠባ ላይ የምናየውን ነገርም ለወጥን፤ መጠኑ በሩ ላይ ስለታየ አሁን የሚቆጠረው ሳያቋርጥ መቆጠቡ ነው። በዋስም ላይ «ዋስ አለው ወይ» መባሉ ቀርቶ ዋሱ ራሱ ለስንት ሰው እንደፈረመና ደመወዙ ምን ያህል እንደተያዘ መታየት ጀመረ። ያኔ ነው የዋስ ዓምድ መለያየት የጀመረው። ለስድስት ሰው የፈረሙ ሰዎች አገኘን።

ሦስተኛ፣ ነጥቡ ከ0 እስከ 4 ሆነ፤ ለእያንዳንዱ ነጥብም ምን ማለት እንደሆነ ተጻፈ። «ጥሩ»፣ «በጣም ጥሩ» የሚሉ ቃላት ወጡ። ለምሳሌ በአቅም ላይ የወር ክፍያዎቹ ከተጣራ ገቢው እስከ 15 በመቶ ከሆኑ 4፣ እስከ 25 ከሆኑ 3፣ እስከ 35 ከሆኑ 2፣ እስከ 45 ከሆኑ 1፣ ከዚያ እስከ 50 ከሆኑ 0። ከ50 በላይ ያለው በሩን አላለፈም። እንዲህ ሲጻፍ ሁለት ሰዎች ተለያይተው ቁጭ ብለው አንድ ዓይነት ነጥብ ይሰጣሉ።

ባዶ ቦታም ሕግ ወጣለት። አምስቱ ነጥቦች ካልተሞሉ ኤክሴሉ ውሳኔ አይሰጥም፤ «ያልተሟላ» ይላል። ተበድሮ የማያውቅ አባል የታሪክ ነጥቡ 2 ነው፤ መሃል። መስፈርቱን አውጥቶ በቀሪዎቹ ማስላትም ይቻል ነበር። ያንን ያልመረጥነው አዲሱ ሰው በታሪክም እንደሌሎቹ ጥሩ ነው ብሎ መገመት ስለሆነ ነው። ያንን አናውቅም። በምትኩ 2 ሰጥተን የመጀመሪያ ብድር ጣሪያውን ከአራት እጥፍ ወደ ሁለት እጥፍ አወረድነው።

ማለፊያው 60 ነው ያለው ማነው?

ይህን ጥያቄ ስጠይቅ መልስ የሰጠኝ የለም። 60 የመጣው ከትምህርት ቤት ይመስለኛል።

መነሻ እንዲሆነን የተዘጉና መጨረሻቸው የታወቀ 50 የቆዩ ብድሮችን አወጣን። 38ቱ በደህና ተከፍለዋል፤ 12ቱ ተበላሽተዋል። ጸሐፊዋ ከየፋይሉ ላይ የክፍያውን ክፍል አወጣችና ማመልከቻው በገባበት ቀን የነበረውን ወረቀት ብቻ ሰጠችን። ይህ ትልቅ ነገር ነው። መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው ነጥብ ሲሰጥ እጁ ወደዚያው ይሄዳል። ደግሞ በማመልከቻው ቀን ያልነበረ መረጃ ነጥቡ ውስጥ ከገባ ቅጹ የማይገባውን ስም ያገኛል፤ ነገ አዲስ አመልካች ሲመጣ ያ መረጃ አይኖርም።

በአዲሱ ቅጽ 50ዎቹን ነጥብ ሰጥተን ሦስት ማለፊያ ሞከርን። ማለፊያው 50 ቢሆን ከ12ቱ የተበላሹ ስድስቱ ይቆማሉ፣ ከ38ቱ ጥሩዎች ሦስቱ አብረው ይወድቃሉ። 60 ቢሆን ዘጠኙ ይቆማሉ፣ ስምንት ጥሩዎች ይወድቃሉ። 70 ቢሆን አሥራ አንዱ ይቆማሉ፣ ግን 19 ጥሩ ሰዎችን እንመልሳለን።

የትኛው ይሻላል? ይህ በነጥብ የሚመለስ አይደለም፤ በብር ነው። አንድ የተበላሸ ብድር ዋሱ ከፍሎም ሆነ በክስ ተመልሶ በመጨረሻ በአማካይ 40,000 ብር ያህል ያጎድለን ነበር። አንድ ጥሩ ተበዳሪ ስንመልስ የምናጣው ደግሞ ወጪው ተቀንሶ ወደ 12,000 ብር ነው። እንግዲህ ማለፊያው 50 ሲሆን ስድስት የተበላሹ ያመልጡናል፣ 240,000፤ ሦስት የተመለሱ ጥሩዎች 36,000፤ ድምር 276,000። በ60 ሦስት የተበላሹ 120,000፣ ስምንት ጥሩዎች 96,000፤ ድምር 216,000። በ70 አንድ የተበላሸ 40,000፣ 19 ጥሩዎች 228,000፤ ድምር 268,000። አነስተኛው ኪሳራ 60 ላይ ነው።

በአጋጣሚ የድሮው ቁጥር ራሱ መጣ። ጋሼ በጣም ሳቁብኝ፤ «ይህን ሁሉ ደክመህ 60 አልክ!» እኔ ግን አልከፋኝም። የአዲሱ ቅጽ 60 የድሮው 60 አይደለም። በድሮው በሁሉም መካከለኛ የሆነ ሰው 60 ያገኛል፤ በአዲሱ 50 ነው።

ግን 50 ፋይል ጥቂት ነው። አራት ፋይል ወዲያ ወዲህ ቢል ስሌቱ ይቀየራል። ስለዚህ 60ን እንደ ምላጭ ልንጠቀምበት አልደፈርንም። 59 እና 61 ያመጡ ሰዎች በእውነት ይለያያሉ ብሎ የሚምል ሰው ካለ ነጥብ ሰጥቶ አያውቅም። 65 እና ከዚያ በላይ ይጸድቃል፤ ከ55 በታች ውድቅ ነው፤ መሃሉ ለኮሚቴ ይሄዳል አልን። ቀመሩ ይህ ሆነ፤ B1 የበሩ መልስ ነው፣ C2 እስከ C6 አምስቱ ነጥቦች፣ E8 ድምሩ፦

```
=IF(B1="አይ","ውድቅ",
 IF(COUNT(C2:C6)<5,"ያልተሟላ",
 IF(E8>=65,"ጸድቋል",
 IF(E8>=55,"ለኮሚቴ","ውድቅ"))))
```

ወረቀቱ ላይም E8 ከነአሥርዮሹ ይታተማል፤ 63.75 ያመጣ ሰው 63.75 ያያል።

ሁለቱን ፋይሎች በአዲሱ ቅጽ አሳለፍናቸው። ሰውየው በሩ ላይ ቆመ፤ ክፍያዎቹ ከገቢው 77 በመቶ ናቸው። ልብስ ሰፊዋ ለአቅም 4፣ ለታሪክ 2፣ ለቁጠባ 3፣ ለዋስ 2፣ ለዓላማ 4 አገኘች። 35፣ 12.5፣ 15፣ 5፣ 10፤ ድምር 77.5።

የተሳካውና ያልተሳካው

በሩ ወዲያው ሠራ። ጠብም ቀነሰ። «ነጥብዎ አልሞላም» ሲባል ሰው ይናደዳል። «የወር ክፍያዎችዎ ከገቢዎ ግማሽ አለፉ፤ ያኛውን ብድር ሲጨርሱ ይምጡ ወይም መጠኑን ይቀንሱ» ሲባል ግን ሂሳቡን ራሱ ይሠራዋል። ብዙዎቹ መጠኑን ቀንሰው ተመልሰው መጡ።

ያልተሳካው የዓላማ መስፈርት ነው። የትኛው ዓላማ ብዙ ነጥብ እንዳለው በአንድ ወር ውስጥ ሁሉም አወቀ። ሠርግ የሚደግሰውም፣ ዕዳ የሚከፍለውም «ለንግድ ማስፋፊያ» ብሎ መጻፍ ጀመረ። ፕሮፎርማ አምጡ አልን፤ ፕሮፎርማ መጣ። ፕሮፎርማ ደግሞ ማንም ያመጣል። አመልካቹ ራሱ በቃሉ የሚሞላው መስፈርት ዕድሜ የለውም።

ሌላ ችግር ከሦስት ወር በኋላ ታየኝ። በአዲሱ ቅጽ መጀመሪያ ላይ ነጥብ የሚሰጠው አንድ ሠራተኛ ብቻ ነበር። የሁሉንም ድምር በመስመር ደረደርኩት። 65 እና 66.25 ላይ ክምር አለ። 62.5 እና 63.75 ላይ ማንም የለም። ሰው እንዲህ ተጠቅጥቆ፣ ቀጥሎ ባዶ ትቶ አይሰለፍም። በዓላማ ላይ አንድ ነጥብ መጨመር ድምሩን በ2.5 ያሳድጋል፤ 62.5ን 65 ያደርጋል፣ 63.75ን ደግሞ 66.25። ልጁ ነጥቡን ሲሞላ ድምሩ እዚያው ስክሪኑ ላይ ይቀያየርለታል። ጥቂት የጎደለውን ሰው ሲያይ ዓላማውን ከ3 ወደ 4 ከፍ ያደርጋል። ጠርቼ ጠየቅኩት። «ለትንሽ ነገር ኮሚቴ ድረስ ላመላልሰው?» አለኝ። ጉቦ አልነበረም። አዘነለት፤ በቃ።

መፍትሔው ቀላል ነበር። የድምሩ ዓምድ ተደበቀ፤ አምስቱ ነጥቦች ተሞልተው ሳይቆለፉ አይታይም። ነጥብ የሚሰጡት ሁለት ሰዎች ሆኑ፤ አንዱ የአንዱን አያይም። በአንድ መስፈርት ላይ ከአንድ ነጥብ በላይ ከተለያዩ ቁጭ ብለው ወረቀቱን ያነባሉ። ያንን ካደረግን በኋላ መሃሉ ሞላ፤ ኮሚቴውም ሥራ በዛበት።

መሃል ላይ የሚወስነው ኮሚቴ ነጥብ መቀየር አይችልም። ያጸድቃል ወይም ይጥላል፤ ቅጹ ውስጥ የሌለ አንድ ምክንያትም ይጽፋል። «ጨዋ ሰው ነው» ምክንያት አይባልም። «በሚቀጥለው ወር የሌላ ቦታ ብድሩ ያልቃል፤ ደብዳቤው ተያይዟል» ምክንያት ነው።

ለሌላ ሥራ የሚሆነው

ወንድሜ ጨረታ የሚገመግም ኮሚቴ ውስጥ ነው፤ ጓደኛዬ ደግሞ ሠራተኛ ትቀጥራለች። ሁለቱም ቅጻቸውን ይዘው መጡ፤ ሁለቱም ላይ መጀመሪያ ያየሁት አንድ ነገር ነው። በድምሩ ውስጥ የተቀመጠ፣ ዜሮ ቢሆን ሌላው ሁሉ ዋጋ የሚያጣ መስፈርት አለ። በወንድሜ ቅጽ የዕቃው ጥራት ዝርዝር ነው፤ ርካሽ ዋጋ ስላቀረበ ብቻ የማይሠራ ፓምፕ ያስገባ ድርጅት ሊያሸንፍ ይችላል። በጓደኛዬ ቅጽ መንጃ ፈቃድ ለሹፌር 10 ነጥብ ተሰጥቶት ነበር። መንጃ ፈቃድ የሌለው ሹፌር 90 ማምጣት ይችላል ማለት ነው። ስነግራት ለአምስት ደቂቃ ሳቀች፤ ከዚያ ኮምፒውተሯን ከፈተች።

ቅጽ ያላችሁ ሰዎች የቆዩ ነጥቦቻችሁን አውጡና በየመስፈርቱ ትልቁንና ትንሹን እዩ። ልዩነት የሌለው ዓምድ ካገኛችሁ ክብደቱ የወረቀት ነው። ከዚያ ድምሮቹን ደርድሩና ማለፊያው ጫፍ ላይ ክምር፣ ከሱ በታች ጉድጓድ ካለ ተመልከቱ። ሁለቱም የግማሽ ቀን ሥራ ናቸው።

ገና ያልፈታነው

50 ፋይል አየን ስል ሁሉም የተፈቀደላቸው ሰዎች ፋይሎች ናቸው። ድሮ የመለስናቸው ሰዎች ቢበደሩ ይከፍሉ እንደነበር የሚናገር ወረቀት የለንም። ስለ ልብስ ሰፊዋ ያወቅነው ዋሷ ስለነገረን ብቻ ነው። ስለዚህ አዲሱ ቅጽም የተማረው የድሮው ቅጽ ከመረጠለት ሰዎች ነው፤ ያ ደግሞ ነባሮችን የሚወድ ቅጽ ነበር።

ለሥራ አመራር ኮሚቴው አንድ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። ከ50 እስከ 55 ካመጡት ውስጥ ጥቂቶቹን በዕጣ እንምረጥ፤ 20,000 ብር ብቻ እናበድራቸው፤ በዓመቱ እንያቸው። ቁጥጥር ኮሚቴው «እያወቅን የወደቀ ሰው ልናበድር?» ብሎ መለሰው። እኔም መልሼ ጻፍኩ። የወደቁት በኛ ነጥብ ነው፤ ነጥባችን ትክክል መሆኑን የምናውቅበት መንገድ ደግሞ ሌላ የለንም አልኩ። ደብዳቤው ለሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ውስጥ ገብቷል፤ ሰባተኛ ተራ ላይ። ስብሰባችን አምስተኛውን አጀንዳ አልፎ አያውቅም።